ሳልበላ አድሬ ስኳሬ ለምን ከፍ አለ?

የጠዋት ስኳሬ 112 ሚሊግራም ሆኖ ሲገኝ ግራ ያጋባኝ ከምሽት ጀምሮ ምንም አለመቅመሴ ነበር። ከ100 በታች መሆን ሲገባው ይህ ትርፍ ስኳር ከየት መጣ? ቁመቴ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቴ 78 ኪሎ ነበር። እጅና እግሬ ቀጫጭን ናቸው፤ ቦርጬ ግን ከሸሚዙ ገፍቶ ይታይ ነበር። ዘመዶቼ «ተመችቶሃል» ይሉኝ ነበር።

ሐኪሜ የሰጡኝ መልስ አጭር ነው፦ «ከጉበትህ ነው።» ሌሊት፣ ምግብ በማይገባበት ሰዓት፣ አንጎል እንዳይራብ ጉበት ራሱ ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። ልኩን የሚይዘው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ጉበት ውስጥ ስብ ሲከማች ግን «በቃ» የሚለው መልእክት በደንብ አይደርሰውም፤ ስለዚህ መልቀቁን ይቀጥላል። የሚገርመው ያው ጉበት ኢንሱሊን ስብ እንዲሠራ የሚሰጠውን ትእዛዝ አለመናቁ ነው። አንዱን ሳይሰማ ሌላውን ይፈጽማል። ትራይግሊሰራይዴ፣ ማለትም በደሜ ውስጥ ያለው ስብ፣ ከስኳሩ ጋር አብሮ ከፍ ያለው ለዚህ ነበር።

ሐኪሜ ኢንሱሊኑም በባዶ ሆድ እንዲለካ አዘዙ፤ 18 ሆነ። ሰውነት ለኢንሱሊን ምን ያህል እምቢ እንደሚል ለመገመት ስኳሩን በኢንሱሊኑ አባዝቶ ለ405 ማካፈል የተለመደ ስሌት ነው፦ 112 ሲባዛ በ18፣ ሲካፈል ለ405፣ ወደ 5 ይጠጋል። ወሰኑ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ቢለያይም ከ2 ተኩል በላይ ያለው ብዙ ጊዜ ያጠራጥራል። ስኳሬ 112 ላይ የቆመው ቆሽቴ ኢንሱሊን አብዝቶ እያመነጨ ስለያዘው ነው። ስኳር ብቻ የሚለካ ሰው ይህን ትግል ለዓመታት ላያየው ይችላል።

ከምግብ በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ በዋናነት የጡንቻ ነው። ኢንሱሊን ጡንቻን ሲነካ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ከሴሉ ውስጥ ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣሉ። ጡንቻ ውስጥ የስብ ቅንጣቶች ሲበዙ መልእክቱ ውስጥ ለውስጥ እየተቆራረጠ ይደክማል፤ አስገቢዎቹ ስለማይወጡ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቆያል።

ታዲያ ስቡ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ምን ይሠራል? ቦታው ከቆዳ ሥር ያለው የስብ ሴል ነበር። እሱ የቤት ጎተራ ነው፤ ሲሞላ እህሉ ሌላ ክፍል ይከመራል። የጎተራው ስፋት ከሰው ሰው ይለያያል፤ የእኔ ጠባብ እንደነበር ቀጫጭን እግሮቼ ይመሰክራሉ። ስብ ማከማቻ ሕብረ ሕዋስ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሰዎች ቀጫጭን ሆነው ሳለ ለኢንሱሊን ከባድ እምቢታ ያለባቸው መሆናቸው ይህንኑ ያረጋግጣል።

የሆድ ዕቃን የከበበው ስብ የራሱ ጠባይም አለው። ኢንሱሊን «ስብ አትልቀቅ» ሲለው እምብዛም አይሰማም፤ የሚለቀውም በቀጥታ ወደ ጉበት በሚሄድ ደም ሥር ይጓዛል። የተወጠሩት ሴሎች ብግነት ይጠራሉ፤ ብግነቱም እምቢታውን ያባብሳል። ሆኖም ወደ ጉበት ከሚደርሰው የስብ አሲድ አብዛኛው የሚመጣው ከቆዳ ሥር ካለው ስብ ነው። ስለዚህ ቦርጭን እንደ ብቸኛ ጥፋተኛ ሳይሆን የሞላ ጎተራ ምስክር አድርጌ ማየቱ ይበልጥ ያሳምነኛል።

በዚህ መሠረት ከጉበት ጀመርኩ። ለስላሳ መጠጥና የፍራፍሬ ጭማቂ ተውኩ፤ በውስጣቸው ያለው ፍሩክቶስ የተባለ ስኳር በዋናነት የሚፈጨው ጉበት ላይ ነው። ሁለት እንጀራዬ አንድ ሆነ፣ ሽሮዬ ዘይት ቀነሰ። በጾም ወቅት ቦርጬ የማይቀንሰው በዘይትና በስኳር ሻይ ምክንያት መሆኑንም ያኔ ተረዳሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ኒውካስል ውስጥ በተደረገ ጥናት የስኳር ሕመምተኞች በቀን 600 ካሎሪ ገደማ ብቻ ሲመገቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ የጠዋት ስኳራቸው ወደ ጤነኛ ልክ ተመልሷል፤ የጉበት ስባቸውም ቀንሷል። የእኔ ለውጥ ከዚያ የዘገየ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ያው ነበር፦ ሱሪዬ ከመስፋቱ በፊት የጠዋት ስኳሬ ወረደ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ምግቡን እንዲህ ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ወገቤን የምለካው ከመጨረሻው የጎድን አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት ጫፍ ባለው መካከል፣ ትንፋሽ አውጥቼ ነው። 104 ሴንቲ ሜትር የነበረው 93 ሆነ፤ ክብደቴ 71፣ ስኳሬ 95፣ ኢንሱሊኔ 8፣ ስሌቱም ከ2 በታች።

ለጡንቻው ከምሳና ከራት በኋላ እራመዳለሁ። ሲኮማተር ስኳር አስገቢዎቹን ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ ስለሚያወጣ የተቆራረጠው መልእክት መንገዱን አይዘጋበትም። ይህ ጥቅም ግን የሚቆየው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው፤ ሥራ ሲበዛብኝና እግሬ ሲቦዝን ከራት በኋላ ያለው ስኳሬ ተመልሶ ይወጣል።