ዩዘርኔሜን የቀየርኩበት ሳምንት

ትናንት ማታ ራት በልተን ስንጨርስ ታናሽ ወንድሜ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ገና ፍሬሽማን ነው፣ ሐሳቡ ኮምፒውተር ሳይንስ መማር ነው። «ጊትሃብ ልከፍት ነው፣ ይሄ ይሆናል?» አለኝ። ስክሪኑ ላይ `saka7boy2000` ይላል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «የፈለከውን አድርግ» ብዬ አልፈው ነበር። ግን ሙሉ ሳምንቱን የራሴን ዩዘርኔም ስቀይር ስለሰነበትኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለእሱ የነገርኩትን እዚህም ላስፍረው።

የእኔ `kidiye88` ነበር። 2004 ዓ.ም. ላይ፣ አስረኛ ክፍል እያለሁ፣ ሰፈራችን ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ኢሜይል ስከፍት ነው ያወጣሁት። ሂሳቡ በደቂቃ ስለሚቆጠር ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ቅድዬ እናቴ የምትጠራኝ ስም ነው። እሱን ብቻ ስጽፍ ተይዟል አለኝ፣ የተወለድኩበትን ዓመት ከኋላው ጨመርኩና ገባልኝ። ከዚያ በኋላ ያው ስም ተከተለኝ። የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ፣ ባንክ፣ ቴሌግራም፣ ሁሉም በእሱ ነው። ከአካውንቲንግ ወጥቼ ወደ ዳታ ሥራ ስገባ የኮድ ሥራዬን የማስቀምጥበትን ጊትሃብም በእሱ ከፈትኩ። አንድም ቀን ስለ ስሙ አስቤ አላውቅም።

ያሰብኩት ባለፈው ዓመት ነው። ጀርመን አገር ላለ ድርጅት ከቤት ሆኜ ለመሥራት አመለከትኩ። ሁለተኛው ኢንተርቪው ካለቀ በኋላ ያነጋገረችኝ ሴትዮ ለብቻው አጭር መልእክት ጻፈችልኝ። በጣም በትህትና፣ ኢሜይሌ ላይ ያለው 88 ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የተወለድኩበት ዓመት ነው አልኳት። ከዚያ አስረዳችኝ። በላቲን ፊደል ስምንተኛዋ H ናት፣ 88 ማለት ሁለት H ይሆናል፣ የናዚ ተከታዮች የሂትለርን ሰላምታ በድብቅ የሚጽፉት እንደዚያ ነው። እዚያ አገር ይህን ቁጥር ለመኪና ታርጋ መርጦ ማውጣት የማይፈቀድባቸው ቦታዎች ሁሉ አሉ። እሷ እንደማላውቅ ገብቷት ነው የነገረችኝ። ሲቪዬን ያዩ ሌሎች ሰዎች ግን ምን ብለው እንዳለፉት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ይሄ ያሳስበኛል።

በዚያው መልእክት ሌላም ነገር ወጣ። 88ን ልደት ነው ብሎ የወሰደው ደግሞ 1988ን በእነሱ አቆጣጠር ነው ያነበበው። እኔ የኅዳር 1988 ልጅ ነኝ፣ በፈረንጆቹ 1995 ማለት ነው። ስለዚህ ሰባት ዓመት አርጅቼ ነው የታየሁት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ ደግሞ 8። በእድሜው ልክ ልምድ የለውም ተብሎ የሚገመት ሰው አለ፣ ያ ደግሞ ሰውየው ባልዋለበት ነው። የእኛ የልደት ዓመት ለውጭ አንባቢ ሁልጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ለአገር ቤት አንባቢ ደግሞ ትክክል ቢሆንም አላስፈላጊ ነገር ነው፣ ልደትን በየቦታው መለጠፍ ለአጭበርባሪም ይመቻል።

ሥራውን አገኘሁ። ግን መጀመሪያው ስብሰባ ላይ አለቃዬ «ሃይ ኪዲዬ» ብሎ ጀመረ። ከኢሜይሌ ላይ አንብቦ ስሜ መስሎት ነው። አልከፋኝም፣ ሰውየው ምን ያድርግ። ግን ያ ስም የእናቴ ነው፣ የማጀት ስም ነው፣ ስብሰባ ላይ ሲጠራ የሰው ቤት ውስጥ በነጠላ ጫማ የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ያን ቀን ነው ለመቀየር የወሰንኩት። ወሰንኩ እንጂ ለመጀመር ወራት ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። መጀመሪያ ያደረግኩት ስም መፈለግ ሳይሆን የምጠቀምባቸው ቦታዎች ምን እንደሚቀበሉ ማየት ነው። ኤክስ ከ15 ፊደል በላይ አይወስድም። ጂሜይል ደግሞ ከ6 በታች አይቀበልም። አንደርስኮር ቴሌግራምና ኤክስ ላይ ይሠራል፣ ጂሜይልና ጊትሃብ ላይ ግን አይሠራም። ጊትሃብ የሚቀበለው ሰረዝ ነው፣ ቴሌግራም ደግሞ ሰረዝ አይቀበልም። ነጥብ ኢንስታግራም ላይ ይገባል፣ ቴሌግራም ላይ አይገባም። ይህን ሁሉ ስደራርበው የቀረልኝ አንድ መንገድ ነው፤ ከ6 እስከ 15 የሆኑ ፊደሎች፣ ምንም ምልክት የለም። ይህን ሳላውቅ ብጀምር አንዱ ጋ በሰረዝ፣ አንዱ ጋ በነጥብ፣ አንዱ ጋ በአንደርስኮር ከፍቼ አራት የተለያየ ሰው እሆን ነበር።

ከዚያ ስፔሊንግ። ፓስፖርቴ ላይ `Kidist` ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቴ ላይ `Kidest`። ጓደኞቼ በQ የሚጽፉትም አሉ። ፓስፖርቱን ተከተልኩ፣ ምክንያቱም ሲቪዬን የሚያይ ሰው ኋላ ላይ የሚያመሳክረው ከእሱ ጋር ነው። ሙያዬን ስሜ ላይ ልለጥፍ አስቤም ነበር፣ ዳታ የሚል ቃል። ግን 2010 ላይ ብሆን «አካውንታንት» ብዬ እለጥፍ ነበር፣ ዛሬ አካውንታንት አይደለሁም። ስም ብቻ ይሁን አልኩ። በዚህ በኩል እኛ ደግሞ ዕድለኞች ነን፤ ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷ ስም አይቀየርም። በባል ስም መጠራት ባህል በሆነበት አገር ያለች ሴት ስታገባ እንደገና ማሰብ አለባት፣ እኔ የለብኝም።

የእኔና የአባቴ ስም ሲገጣጠም `kidistyilma` ነው፣ 11 ፊደል። ደስ ብሎኝ ስሞክር ቴሌግራምና ኤክስ ላይ ተይዟል። እዚህ ላይ ነው እጅ ወደ ቁጥር የሚሄደው። 1 ልጨምር? የሚለውን ሐሳብ በግድ ነው ያባረርኩት፣ ቁጥር የሌለውን የሚፈልግ ሰው ሁሉ ወደ ሌላዋ ቅድስት ነው የሚሄደው። የአያቴን ስም ጨምሬ ሦስቱንም ስጽፍ `kidistyilmaworku` 16 ፊደል ሆነ። በአንዲት ፊደል አለፈ! እንደ ኃይለማርያም ገብረመድኅን ያለ ረጅም ስም ያለው ሰውማ በሁለቱ ብቻ 22 ይደርሳል።

መፍትሔውን ያገኘሁት ምሁራኖቻችን ጥናት ላይ ስማቸውን የሚጽፉበትን መንገድ አይቼ ነው። የራስን ስም ሙሉ፣ የአባትን በአንድ ፊደል፣ የአያትን ሙሉ። `kidistyworku`፣ 12 ፊደል፣ አምስቱም ቦታ ላይ ነፃ። `kyworku` አጠር ይላል፣ ግን የራሴን ስም አጥፍቶ የአያቴን ነው የሚያስቀረው፣ እኛ ዘንድ የምንጠራው በራሳችን ስም ነው። አንድ ችግር ነበረው። ወንድሜ መጀመሪያ ሲያየው «ኪዲስቲ» ብሎ አነበበው፣ y ከፊቷ ጋር ተጣብቃ። ይህ የሚስተካከል ነው፣ እነዚህ ቦታዎች ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለዩም፣ ስለዚህ ሲቪ ላይ `KidistYWorku` ብዬ ጻፍኩት። ጂሜይል ደግሞ ነጥብን አይቆጥርም፣ `kidist.y.worku` ብዬ ብጽፈውም ያው ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው።

መውጣቱ ከመግባቱ ይከብዳል። ጊትሃብ ላይ ስም ሲቀየር የፕሮጀክቶቹ አሮጌ ሊንኮች በራሳቸው ወደ አዲሱ ይወስዳሉ፣ የፕሮፋይሉ ሊንክ ግን አይወስድም፣ 404 ነው የሚለው። በፊት የላክኳቸው ሲቪዎች ላይ ያለው ደግሞ የፕሮፋይሉ ነው። አሮጌው ስምም ነፃ ይሆናል፣ ሌላ ሰው ወስዶ በፕሮጀክቴ ስም ፕሮጀክት ቢከፍት ያ የሚመራው ሊንክም ይቋረጣል። ስለዚህ መልስ የምጠብቅባቸውን ሦስት ቦታዎች አዲስ ሲቪ ላኩላቸው። ቴሌግራምም ያው ነው፣ አሮጌውን ስም የወሰደ ሰው በዚያ ስም ፈልገው ለእኔ የሚጽፉትን ይቀበላል፣ እናም ለቤተሰብ ቀድሜ ተናገርኩ። ኢሜይሉን ግን አልዘጋሁም። አዲስ ከፍቼ የአሮጌውን ደብዳቤ ሁሉ ወደዚያ እንዲያስተላልፍ አደረግኩ፣ ባንኩንና ሌላውን ደግሞ አንድ በአንድ እየገባሁ ቀየርኩ። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንት ሊሰርዝ ስለሚችል በየስድስት ወሩ እንድገባ ስልኬ ላይ ማስታወሻ አለ።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሳካ ግን ምን አደረገሽ?» አለኝ። የአርሰናሉ ተጫዋች ሳካ ምንም አላደረገኝም። የአጎታችንን ልጅ አስታወስኩት። 2004 ላይ ቫን ፐርሲ ለአርሰናል 30 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ሲሆን ልጁ ኢሜይሉን በ`rvp10` ጀመረ። ነሐሴ ላይ ቫን ፐርሲ ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ፣ በዓመቱ ዋንጫ በላ። የአርሰናል ልጅ ያን ኢሜይል ይዞ ነው ሥራ ሲያመለክት የነበረው። ተጫዋች ይሄዳል፣ ቁጥሩም ይቀየራል። 2000ው ደግሞ እንደ እኔው ነው፤ ወንድሜ የጥር 2000 ልጅ ነው፣ ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ያ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው፣ ለውጭ ሰው ግን ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

በመጨረሻ የራሱንና የአባታችንን ስም ጻፈ። `binyamyilma`። 11 ፊደል፣ ሁሉም ቦታ ነፃ። ከመክፈቱ በፊት እኔ ያደረግኩትን ፈተና አስደረግኩት። ጓደኛው ጋ ደውሎ፣ ምንም ሳይጽፍለት፣ በአፉ ብቻ ስሙን እንዲነግረውና ጓደኛው የሰማውን ጽፎ እንዲልክለት። የእኔን ስፈትን እህታችን ሁለተኛው ሙከራ ላይ አግኝታዋለች። የእሱ ጓደኛ የላከው `biniamyilma` ነው። ቢኒ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ የፋይዳ ካርዱን ከቦርሳው አወጣና ፊደል በፊደል ያነብለት ጀመር።