ጤና አዳሜን በውሃ ገደልኳት

ለጥምቀት ብዬ ጎንደር ከመጣሁ ብዙ ቀን ሆነኝ። ታቦቱ ገብቷል፣ እንግዳው ተበትኗል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጠዋት ጠዋት እማዬ ቡና ስትቆላ እኔ ጓሮ ወጥቼ አንድ ነገር ላይ አፈጥጣለሁ። ጤና አዳሟ ላይ።

ከማድ ቤቱ ጀርባ የድንጋይ አጥሩ ሥር ነው የበቀለችው። ደህና አፈር እንኳ የላትም፣ ቤቱ ሲሠራ የተረፈ ጠጠርና አሸዋ የተደፋበት ቦታ ነው። ዝናብ ካቆመ ሦስት ወር አልፏል። የሚያጠጣት ሰው የለም። እማዬ ጀበናዋን ስታለቀልቅ እጣቢውን ወደዚያ ትደፋለች፣ በቃ። እሷ ግን ወገቤ ድረስ ደርሳ፣ ቅጠሏ ያንን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ይዞ፣ ልብስ ነካ ሲያደርጋት ሽታዋ አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

እኔ ደግሞ ፍራንክፈርት አራተኛ ፎቅ ላይ ጠዋት ማታ እየተንከባከብኩ የመጀመሪያዋን ጤና አዳሜን ገድያለሁ። ዛሬ ልጻፈው፣ ምክንያቱም እዚህ አጥር ሥር ቆሜ ነው ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባኝ።

ስገዛት ግንቦት ነበር። ጀርመን አገር የአትክልት መደብር ውስጥ ከባሲሊኩና ከሮዝመሪው ጎን "ቫይንራውተ" በሚል ስም ትሸጣለች። እውነቱን ለመናገር የእኛዋ ራሷ አይደለችም፣ እህቷ ናት። የእኛዋ በሳይንስ ስሟ ሩታ ቻሌፔንሲስ፣ እዚያ የምትሸጠው ሩታ ግራቬኦለንስ ትባላለች። ሳያብቡ ለመለየት ያስቸግራሉ። ቢጫዋ አበባ ስትፈነዳ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ የእኛዋ የአበባዋ ጠርዝ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት ረዘም ያለ ዘርፍ አለው፣ የዚያኛዋ ጥርስ ጥርስ ያለው ብቻ ነው። ሽታቸው ይቀራረባል። ቡናዬ ውስጥ ነክሬ ስቀምሳት ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ልዩነቱ በዚያች ሰዓት ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ ጥፋቱ ጀመረ። የሚያምር ሰማያዊ ቅብ ያለው ትልቅ ማሰሮ ገዛሁላት። ከታች ቀዳዳ የለውም። በከረጢት የሚሸጠውን ጥቁር ለስላሳ አፈር ሞላሁበትና ኩሽና መስኮት ላይ አስቀምጬ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ። በጋውን ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ፎቶዋን ለእማዬ ስልክላት "ይቺ ከኔ ትበልጣለች" ብላኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ ማሞቂያው ተከፈተ፣ ቀኑም አጠረ። መጀመሪያ ያየሁት ቅርንጫፎቿ ወደ መስታወቱ እየተሳቡ፣ እየቀጠኑና እየገረጡ መሄዳቸውን ነው። "እያደገች ነው" አልኩ። አላደገችም፣ ብርሃን ፍለጋ እየተንጠራራች ነበር። ቀጥሎ የታች ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። አፈሩ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች መብረር ጀመሩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ስነሳ ሙሉ በሙሉ ጠውልጋለች። የጠወለገ ነገር ሲታይ ምን ይደረጋል? ውሃ ይጨመራል። ጨመርኩላት። በሳምንቱ ሞተች።

ስነቅላት ሥሯ ቡናማና ሙልጭልጭ ያለ ነበር፣ ሽታው የበሰበሰ ጎመን ነው። ጤነኛ ሥር ነጣ ብሎ ጠንከር ይላል። ያኔ ነው የገባኝ፦ የጠወለገችው ውሃ አጥታ ሳይሆን ሥሯ በስብሶ ውሃውን መሳብ ስላቃታት ነው። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። መለያው ቀላል ነው፣ ጣትን ወደ አፈሩ መክተት። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ ደረቅ ከሆነ ጥም ነው። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነውና ውሃ መጨመር መግደል ነው።

በበጋው ያልሞተችው ለምንድን ነው? ፀሐይ ስለነበረ። ብርሃን ሲኖር ቅጠሉ ውሃውን ይስባል፣ ያተነዋል፣ አፈሩ ይደርቃል። ፍራንክፈርት በታኅሣሥ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ እሱም ደመና ነው። ተክሏ ሥራ ፈታ ቆማለች፣ እኔ የሐምሌውን ውሃ እሰጣታለሁ። ጎንደር እኮ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እማዬ ስለ ብርሃን አስባ አታውቅም፣ ምን አሳሰባት?

ሁለተኛዋን በቀጣዩ ሚያዝያ ጀመርኩ። ይኸውና በሦስት ብርድ አልፋለች። ማሰሮዋ ቅብ የሌለው ተራ ሸክላ ነው፣ አፉ ወደ 20 ሳንቲሜትር፣ ከታች ቀዳዳ ያለው። አፈሩን ሁለት እጅ የከረጢት አፈር፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር አድርጌ ቀላቀልኩት። ጠጠር ያጣ በፐርላይት ይተካዋል፣ ያ እንደ ፋንድሻ የሚመስለው ቀላል ነጭ ነገር ነው። የባሕር አሸዋ ግን አይሆንም፣ ጨው አለው። ከውጭ የሚያምር ነገር የለባትም። የእማዬን የአጥር ሥር በማሰሮ ለመሥራት ነው የሞከርኩት።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት ወደ ደቡብ የሚያየው በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። ውሃ የምሰጣት በቀን ቆጥሬ አይደለም፣ ማሰሮውን ብድግ አድርጌ ነው። ውሃ የጠጣ ማሰሮና የደረቀ ማሰሮ ክብደታቸው በጣም ይለያያል፣ ሁለት ሳምንት ከለመዳችሁት ክንዳችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሲቀል በደንብ አጠጣታለሁ፣ ከታች እስኪወጣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን እደፋለሁ። በሙቀት ጊዜ በሳምንት ሁለቴ ይሆናል፣ በብርዱ ግን ሁለት ሳምንት ሦስት ሳምንት ዝም የምላት ጊዜ አለ።

ቀላል ውርጭ ትችላለች። ማሰሮ ውስጥ ያለ ሥር ግን መሬት ውስጥ እንዳለው አይደለም፣ ብርዱ በዙሪያው ነው የሚገባው። ስለዚህ ውርጩ ሲጠና ወደ ውስጥ አስገባታለሁ፣ ማሞቂያ ወዳለበት ሳሎን ሳይሆን ማሞቂያውን ወደዘጋሁት መኝታ ክፍል። ሙቀትና ጨለማ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ያ ገርጥቶ መንጠራራት የሚመጣው። ከበላይዋ ትንሽ የኤልኢዲ የተክል መብራት፣ ከቅጠሏ 25 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ሰቅያለሁ። ሰዓት መቁጠሪያውን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ባለቤቴ "የጎንደር ሰዓት" ይለዋል። ያው በመብራቱ ምክንያት አልተኛም ብሎ ተነጫንጮም ነበር፣ እሱን እንለፈው።

መጋቢት ላይ ሲሦዋን እቆርጣታለሁ፣ አለበለዚያ ከታች ግንዷ ራቁቱን ይቀራል። ቅጠል ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚቆረጠው። ቅጠል የሌለውን ያረጀ እንጨት ከቆረጡት ላያቆጠቁጥ ይችላል። ከተቆረጠው ላይ አበባ ያልያዙትን ጫፎች፣ ጣት የሚያህሉትን፣ የታች ቅጠላቸውን አራግፌ እርጥብ አሸዋ ውስጥ እሰካቸዋለሁ። በአንድ ወር ገደማ ሥር ይይዛሉ። ሦስት ጓደኞቼ ቤት ልጆቿ አሉ።

ይህን መቁረጥ በተመለከተ አንድ ጉድ አለብኝ። ባለፈው ሐምሌ አንድ እሑድ ቀትር ላይ እጅ የሌለው ቀሚስ ለብሼ በረንዳ ላይ ስከረክማት ዋልኩ። በዚያ ቀን ምንም። በሁለተኛው ቀን ክንዴ ላይ የፈላ ውሃ የተደፋበት የሚመስል ቀይ ሰንበር ወጣ፣ በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። ሐኪሟ አይታው የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ "ምን ተክል ነካሽ?" የሚል ነበር። ነገሩ አለርጂ አይደለም፣ ማንንም ያገኛል። በጭማቂዋ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ቁስሉ ቶሎ ዳነ፣ ቡናማ ጠባሳው ግን ወራት ቆየ። አሁን የምቆርጣት ማታ ነው፣ በጓንት፣ እጄንም በሳሙና እታጠባለሁ።

ይህን ለእማዬ ስነግራት "እኔ ስንት ዓመት ስቀነጥብ አንድ ቀን አልነካኝም፣ ፈረንጅ አገር ሄደሽ ቆዳሽ ሳስቶ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እያየኋት ነው። ገና ፀሐይ ሳይወጣ፣ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ለሲኒዎቹ የሚበቃ ሁለት ሦስት ቅንጣቢ ብቻ ቀንጠስ አድርጋ ትገባለች። ምን ሊነካት!

መጠን ካነሳን አይቀር፣ እኔም ከሲኒ ቡና አላልፍም። አንድ ቅንጣቢ ነከር ተደርጎ ይወጣል። ሆድ ቁርጠት ሲይዛቸው እፍኝ ሙሉ ቀቅለው የሚጠጡ ሰዎች አውቃለሁ። በብዛት ሲሆን ራሱ ሆድን ክፉኛ ያስቆጣል፣ ጉበትና ኩላሊትም ይጎዳል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፣ ማህፀንን ያኮማትራል። ባለፈው ዓመት አምስት ወር የሆናት ጓደኛዬ ቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ "ምነው ጤና አዳሙን ደበቅሽው?" ብላ ተቀየመችኝ። ተቀየሚ አልኳት።

እማዬ ትናንት ሌላ ነገር አመጣች። ከዳማከሴዋ ቅርንጫፍ ቆርጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሻንጣዬ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ምች ሲመታሽ አሽተሽ ታሸቺዋለሽ ብላ። ልቤ እየፈለገው መለስኩላት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕይወት ያለው ተክልም ሆነ የሚዘራ ዘር በሻንጣ ሲገባ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። ያለ ወረቀት ከተያዘ ይወረሳል። "ለአንዲት ቅጠል ወረቀት?" አለች። አዎ ለአንዲት ቅጠል። ዳማከሴ እዚያ መደብር ውስጥ አይቼ አላውቅም፣ የበሶብላ ዘመድ ስለሆነች ውርጭም አትችልም። ስለዚህ እዚሁ እያሸተትኳት ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ቁልፍ የሰጠኋት የፎቁ ጎረቤቴ ናት። አበቦቹን አጠጪልኝ፣ መኝታ ክፍል ያለችውን ግን እንዳትነኪያት ብዬ ወረቀት ለጥፌ ነበር የመጣሁት። ፎቶ ልካለች። ጤና አዳሜ ቆማለች፣ ከሥሯ ሰሃኑ እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል። "በጣም ጠምቷት ነበር" የሚል ጽሑፍና ቀይ ልብ አብሮ አለ።

ደውዬ ሰሃኑን አስደፋኋት። እማዬ ቡናውን ይዛ ስትመጣ ፎቶውን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ቆይታ አየችውና "እዚያም እንዳንቺ ያለ አለ ማለት ነው" አለች።