ደመወዝ ከቆመ በኋላ፦ የአሥራ አንድ ሳምንት የቤት ሒሳብ ከኮምቦልቻ

ስማችንን ያነበብነው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ጥቅምት መጨረሻ፣ ከምሳ በኋላ። ትዕዛዝ ቀርቷል፣ ሠራተኛ ይቀነሳል ይላል። አራት ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ የሠራሁበት ፋብሪካ ከነገ ጀምሮ አይመለከተኝም ማለት ነው።

አብረን የተቀነስን ብዙ ስለሆንንና በየቀኑ «አንተ የቱን ክፍያ አቆምክ?» የሚል ስልክ ስለሚደወልልኝ፣ የሠራሁትንም ያበላሸሁትንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የነበረው ሒሳብ። በእጄ የሚደርሰኝ 7,965 ብር ነበር። ባለቤቴ ለሁለት ምግብ ቤቶች እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች፤ ጤፉ ተቀንሶ በወር 3,000 ያህል ይተርፋታል። ወጪያችን ደግሞ ኪራይ 2,800፣ ከጤፍ ውጪ ያለው አስቤዛ 3,600፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ 1,250፣ እቁብ 1,000፣ የልጅ ትምህርት ቤት 650፣ ለእናቴ 500፣ መብራት 450፣ ስልክ 400፣ ውሃ 120፣ እድር 60። ድምሩ 10,830። በወር የሚተርፈን 135 ብር ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ከዚህ ላይ 7,965ቱ ተነሳ።

የመጋዘን ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ለምጃለሁ፤ ቢን ካርድ። የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ። በዚያው ቀን ማታ ለቤታችን አንድ ካርድ ከፈትኩ። ገቢ ላይ የጻፍኩት የመጨረሻ ደመወዜን ብቻ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያ ይመጣል፣ አውቃለሁ። ግን ዕቃ መጋዘን ሳይገባ የገቢ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ያልገባ ገንዘብም እንደዚያው።

አንደኛው ሳምንት የስህተት ሳምንት ነበር። ወጪዎቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሬ ከላይ መቁረጥ ጀመርኩ። ኪራይ ትልቁ ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ቤት ፍለጋ ሁለት ቀን ዞርኩ። አዲሱ አከራይ የሁለት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል፣ ዕቃ ማጓጓዣ አለ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤቷ ትርቃለች። በወር 500 ለማትረፍ በአንድ ቀን ከአምስት ሺህ ብር በላይ ሊወጣ ነው። ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ሌላ ጥያቄ ይዤ አየሁት። ይህን በዚህ ወር ባልከፍል ምን ይሆናል? ተመልሼ ለመጀመርስ ስንት ያስወጣኛል? በዚህ ዓይን ሲታይ ቅደም ተከተሉ ተገለባበጠ። ለምሳሌ እድሩ 60 ብር ነው፤ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያቆመው እሱን ነው። ግን ውዝፍ ከበዛ ትሰረዛለህ፤ ተመልሶ ለመግባት መመዝገቢያውም ቅጣቱም አለ፤ በመሃል ሐዘን ቢመጣ ደግሞ ድንኳኑም ወንበሩም ከኪስህ ነው። እድርን አልነካሁትም። ስልኩን ግን በዚያው ሌሊት ከ400 ወደ 100 አወረድኩት። ማንም አልጠየቀኝም፣ ምንም አልተበላሸም።

እቁቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እቁባችን በሳምንት 250 ብር፣ 40 ሰው፣ ዕጣው 10,000 ነው። አሥራ ሰባት ሳምንት ከፍያለሁ፣ አልደረሰኝም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዳኛውን ለምኜ ዕጣውን አሁኑኑ መብላት ነበር። ችግር የገጠመው ሰው ይቅደም ቢባል የሚቃወም የለም። ደግነቱ ከመሄዴ በፊት ካርዱ ላይ ጻፍኩት። 10,000 እቀበላለሁ። ከዚያ ውስጥ የእኔ 4,250 ነው። 5,750ው ሃያ ሦስት ሳምንት እየከፈልኩ የምመልሰው ብድር ነው፤ ያውም ዋስ ጠርቼ። ደመወዝ የሌለው ሰው አዲስ ብድር መውሰዱ ነው።

ስለዚህ ዳኛውን ሌላ ነገር ጠየቅሁት። ቦታዬን የሚተካ ሰው ላምጣ አልኩት። የጎረቤታችን ልጅ የከፈልኩትን 4,250 ሰጥታኝ በእኔ ስም ቀጠለች፤ ጸሐፊው ደብተሩ ላይ አስተካከለው። ዕጣውን አስቀድማችሁ የበላችሁ ግን ይህ በር የላችሁም። እናንተ እቁቡን ከብድር ጋር ቁጠሩት። ቀርታችሁ ዋሳችሁ ሲከፍል ማየት ከረሃብ ይብሳል።

ብድሩ ላይ ያሳሰበኝም የዋስ ነገር ነው። የማኅበሩ ቀሪ ዕዳዬ 15,000 ነበር። ዋሶቼ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፤ አንዱ ከእኔ ጋር ተቀንሷል። እኔ አንድ ወር ብዘል የሚቆረጠው ከቀረው ሰውዬ ደመወዝ ነው። ቀኑ ሳይደርስ የስንብት ደብዳቤዬን ፎቶ ኮፒ ይዤ ሄድኩ። የጠየቅሁት «ታገሡኝ» ብዬ አይደለም፤ ለሦስት ወር ወለድ ብቻ ልክፈል ብዬ ነው። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ስለሆነ በወር 188 ብር ገደማ ይመጣል። ተፈቀደልኝ። ነፃ አይደለም፤ በሦስቱ ወር ዋናው ዕዳ ሳይቀንስ 563 ብር ያህል ወለድ ይሄዳል። ግን ይህ ለሦስት ወር እፎይታ የሚከፈል ዋጋ ነው፣ ውድ አልመሰለኝም። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሄደው ጓደኛዬ መጀመሪያ ቅጣቱን ክፈል ተብሏል።

አከራያችን ጋ የሄድኩት በአምስተኛው ቀን ነው። ቡና እያፈሉ ነበር። «እማማ፣ ሥራዬ ቆሟል። የዚህን ወር ግማሹን በአንድ፣ ግማሹን በአሥራ አምስት ልስጥዎ» አልኳቸው። ዝም ብለው ሲኒውን አለቀለቁ። ከዚያ «አብሽር ልጄ፣ ቀኑን ነግረኸኛል። ሲኖረኝ እሰጥዎታለሁ ያለኝ ነው የጠፋብኝ» አሉ። ኪራዩ አልቀነሰም፤ 2,800ው እንዳለ ነው። ለሁለት መከፈሉ ግን የባለቤቴ የእንጀራ ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንዲደርስበት አደረገ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ መብራት ልቆጥብ አልኩና ጉድ ሆንኩ። ምጣዳችን እንደ አብዛኛው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ከቤት ውስጥ ዕቃ ሁሉ መብራት የሚበላው እሱ ነው። በእንጨት እንጋግር አልኩ። ባለቤቴ አልወደደችውም፣ ግን ሞከረችው። በሦስተኛው ቀን አንዱ ምግብ ቤት ሃያ እንጀራ መለሰ፤ ጭስ ጭስ ይላል ብሎ። በዚያ ላይ እንጨቱ ራሱ ተገዝቶ ነው። ያ የመብራት ሒሳብ ወጪ ብዬ የጻፍኩት እንጂ ለካ የቤቱን ብቸኛ ገቢ የሚያስገባው እሱ ነው። ወደ ምጣዱ ተመለስን። ያስተካከልነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በአንድ ማሞቅ ብዙ መጋገር። መብራቱ 450 ላይ ቆየ፣ እንጀራው ግን ጨመረ።

ለእናቴ የምልከውን 500 ብር በስልክ ማቋረጥ አልቻልኩም። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ሄድኩና ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ለምን እስካሁን ደበቅኸኝ?» ብላ ተቆጣች። ስመለስ ሁለት ኪሎ ሽሮና በርበሬ በፌስታል አሸከመችኝ። አስቤዛው ከ3,600 ወደ 2,900 የወረደው በከፊል በዚያ ፌስታል ነው።

አስቤዛው ላይ ሌላም የተሸወድኩበት ነገር አለ። የመጀመሪያው ወር መጨረሻ ካርዱን ስደምር ለአስቤዛ የወጣው 1,700 ብቻ ሆነ። ደስ አለኝ። ማታ ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ 1,350 ብር አሳየኝ። ዱቤ! ዘይትና ሳሙና ልጅቷን እየላክን ስንወስድ ካርድ ላይ አልጻፍነውም። ወጪው አልቀነሰም፣ ከእኔ ካርድ ወደ እሱ ደብተር ነው የዞረው። ከፍዬ ዘጋሁትና ከዚያ ወዲህ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሆነ። በስልክ የሚገኘውን ትንንሽ ብድርም በዚሁ ምክንያት አልነካሁትም፤ ዱቤው በእጥፍ ተደብቆ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁን ወጪያችን 7,268 ነው፤ ትምህርት ቤቱንና ውሃውን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። የባለቤቴ 3,000 ሲነሳለት በወር የሚጎድለው 4,268 ይሆናል። ምንም ባልቆርጥ ኖሮ ጉድለቱ 7,830 ነበር። የመጨረሻ ደመወዜና የእቁቡ ገንዘብ ተደምረው 12,215 ብር ስለሆኑ፣ ስንብቱ እስኪመጣ ሦስት ወር ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው ስንቅ ነበረኝ።

የስንብቱን ሒሳብ ብዙዎች ስለጠየቃችሁኝ ልጻፈው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለት 10 ቀን ነው። ለእኔ አራት ዓመት 60 ቀን መጣ። በሠራተኛ ቅነሳ ለወጣ ሰው ደግሞ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል፤ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። በመጀመሪያ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ አልነበረም፤ ሄጄ ነው ያስጨመርኩት። የጠቅላላ ደመወዜ የቀን ሒሳብ 350 ብር ስለሆነ 120 ቀኑ 42,000 ሆነ፣ ግብር ተቆርጦ 34,800። ሕጉ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈል ይላል፤ የእኛ በሰባተኛው ሳምንት መጣ። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ ካለም በገንዘብ ይሰላል፣ ጠይቁ። ለቅነሳ የሚገባው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አልተሰጠንም፤ ክርክሩ አላለቀም። እሱ ካርዱ ላይ የለም።

34,800ው ለ4,268 ሲካፈል ስምንት ወር ይሆናል። በድሮው ወጪ ቢሆን አራት ወር ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህ ስምንት ወር ግን ብድሩ በወለድ ብቻ እስከቀጠለ ነው። ሦስቱ ወር በሚቀጥለው ወር ያልቃል፤ 1,250ው ሲመለስ ጉድለቱ 5,330 ይሆናል። ከስንብቱ ላይ አንስቼ ብድሩን በአንዴ ልዝጋው ወይስ ልያዘው የሚለው እስካሁን ከባለቤቴ ጋር ያከራክረናል። እሷ ዝጋው ትላለች፤ ዋሱን አሳርፈው። እኔ ደግሞ ሥራ ሳላገኝ 15,000 ከእጄ ይውጣ ብዬ አልደፈርኩም። ከትናንት ወዲያ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ የጅምላ ነጋዴ በሳምንት ሦስት ቀን መጋዘኑን እንድቆጥርለት ጠይቆኛል። የትራንስፖርቱን ዋጋ ካወቅሁ በኋላ ነው የምመልስለት።