አመድ የመሰለው ቢጫ

ሙዝ ማብሰያ ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ባልደረቦቼ ፍሬውን ይዘው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ሲያስተያዩ እኔ በር ላይ ቆሜ «አራት ደርሷል» እላለሁ። ሰንጠረዡ ከ1 እስከ 7 ይቆጥራል። 1 ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ 4 ላይ ቢጫው አረንጓዴውን ይበልጣል፣ 6 ሙሉ ቢጫ ነው፣ 7 ላይ ደግሞ ቡናማ ነቁጥ ይወጣል። ዓይኔ እምብዛም አይስትም ነበር። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

አንድ ጠዋት የገባው ጭነት ጥርት ያለ አረንጓዴ ነበር። የመኪናው በር ሲከፈት ፊት ለፊት ካገኘሁት ካርቶን አንድ ፍሬ አንስቼ ቴርሞሜትሩን ሥጋው ውስጥ ሰካሁ፤ 14 ዲግሪ። ጥሩ ነው ብዬ አስገባሁት። ክፍሉን 17 ዲግሪ ላይ አድርጌ ለ24 ሰዓት ፍሬ የሚያበስለውን ኤትሊን ጋዝ ለቀቅኩበት፤ ከዚያ በሩን ከፍቼ አናፈስኩት።

በአራተኛው ቀን አብዛኛው ካርቶን እንደተጠበቀው ነው። ሁለት ፓሌት ግን ቀለሙ አላማረኝም። ቢጫ ነው፣ ግን አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ብርሃን ቢያርፍበትም አያበራም። ልምዴን ተማምኜ «ዘግይቷል፣ ጋዙ በደንብ አልደረሰውም» አልኩ። ሁለቱን ፓሌት ባዶ ወደነበረው ትንሽ ክፍል አዛውሬ ሙቀቱን ወደ 20 ከፍ አደረግኩና ጋዙን ለአንድ ቀን ደገምኩለት።

በማግስቱ ቀለሙ ያው ነው። ስጫነው ግን ጣቴ ገባ። አንዱን ልጬ ስቀምሰው በስሏል፣ ጣፋጭ ነው፣ ሥጋውም ነጭ ነው። ውስጡ እንዲህ በስሎ ልጣጩ ለምን አልፈካም? ግራ ገባኝ።

ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠሩትን ጋሼን ጠራኋቸው። ፍሬውን አይተው አልጨረሱም፣ ከኪሳቸው ቢላ አወጡ። እንደ ልማዳችን አልላጡትም፤ የላይኛውን ቆዳ ብቻ ወረቀት በሚያህል ስስነት ገፈፉት።

«እስቲ እዚህ ጋ ተመልከት።»

ከገፈፉት ሥር፣ በፍሬው ቁመት ልክ፣ ክር የሚመስሉ ቡናማ መስመሮች ተጋድመዋል።

«በሽታ ነው እንዴ ጋሼ?»

«ብርድ መትቶት ነው። አንተ ጋ ሳይደርስ ነው የተመታው።»

ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ ከልጣጩ ሥር ያሉት ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ በተጎዱበትም ቡናማ ይሆናሉ። ፍሬው አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ይህ ከላይ አይታይም። ጉዳቱ የሚጋለጠው አረንጓዴው ሲለቅ ነው፣ ያን ጊዜ ቢጫው ከቡናማው ጋር ተደርቦ ይደበዝዛል። አንዴ ቡናማ የሆነውን ጋዝም ሙቀትም አይመልሰውም። የእኔ ጭማሪ ያደረገው ሥጋውን ማለስለስ ብቻ ነበር፤ ጉዳቱ ቀላል ስለነበር መብሰሉን አልከለከለውም፣ ቢብስ ኖሮ ሥጋውም በወጉ አይበስልም ነበር። (ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ የበሰለ ሙዝ ልጣጩ ጠቁሮ ውስጡ ደህና ሆኖ የሚገኘውም ከዚሁ የተነሳ ነው።)

ጋሼ ከሌላ ካርቶን 7 የደረሰ ፍሬ አምጥተው ከጎኑ አስቀመጡ። ሁለቱም ቡናማ አለባቸው፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን አይመሳሰሉም። የበሰለው ነቁጥ ክብ ክብ ነው፣ የየራሱ ዳር አለው፣ ያረፈበት ቢጫም ደማቅ ነው። ብርድ የመታው ላይ ግን የደከመው ራሱ ቢጫው ነው። ግጭት ያገኘው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ይጠቁርና ሲላጥ ከሥሩ ያለው ሥጋም ተበላሽቶ ይገኛል። እኔ ሁልጊዜ የማየው ነጠብጣቡን ነበር፤ እሳቸው መጀመሪያ የሚያዩት መደቡን ነው።

የመኪናውን ሙቀት መመዝገቢያ ስናወጣ ነገሩ ተገጣጠመ። ሁለቱ ፓሌቶች መጀመሪያ ተጭነው ቀዝቃዛው አየር የሚወጣበት ፊት ላይ ነበሩ፤ እዚያ ሁለት ሌሊት 10 ዲግሪ ደርሷል። እኔ የለካሁት በሩ ጋ ያለውን፣ ከሁሉም ሞቃታማውን ካርቶን ነው።

አሁን ጭነት ሲገባ ከፊት፣ ከመሃልና ከበሩ ጋ አንዳንድ ፍሬ አወጣለሁ፤ ሙቀታቸውን እለካና አረንጓዴውን ልጣጭ በቢላ በስሱ እገፍፋለሁ። ባለፈው አንድ ሾፌር ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ወንድሜ፣ ትንሽ ብትታገስ ይበስላል እኮ» አለኝ።