አረንጓዴው ምልክት ያልጠየቀው ጥያቄ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል የሥራ አመልካቾችን የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ዓይኔ የለመደው ወረቀት ነበር፤ ደረቅ ማኅተሙን በጣቴ እዳስሳለሁ፣ የሬጅስትራሩን ፊርማ ቀደም ሲል ከመጡ ማስረጃዎች ጋር አስተያያለሁ፣ ቲተሩ ከማዕረጉ ጋር መስማማቱን አያለሁ፣ ከዚያም ለተቋሙ ደብዳቤ ጽፌ መልስ እጠብቃለሁ። አንድ አመልካች ከውጭ አገር በርቀት ተምሮ ያገኘውን የሁለተኛ ዲግሪ ዲፕሎማ በፋይል ይዞ መጥቶ «ብሎክቼይን ላይ የተመዘገበ ስለሆነ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ እዚሁ ሆነው ማረጋገጥ ይችላሉ» ሲለኝ፣ እውነቱን ለመናገር እፎይታ ነበር የተሰማኝ። ብሎክቼይን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያዝ፣ አንዴ የገባበትን ማንም ብቻውን መለወጥ የማይችል የመዝገብ ሰንሰለት መሆኑን ሰምቼ ነበር። ፋይሉን ማረጋገጫ ገጹ ላይ ስጭነው መስመሮቹ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። በማጣሪያ ቅጹ ላይ «ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።

በማግስቱ ፋይሉን በአመልካቹ ማኅደር ውስጥ እንድታስቀምጥልኝ ለአይቲ ክፍል ባልደረባዬ ላክሁላት። እሷ ግን እንደ እኔ የተዋበውን የዲፕሎማ ገጽ አይታ አልተወችውም፤ ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍታ ውስጡን አነበበችው። ከሰዓት በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ «ጋሼ፣ ይህ አረንጓዴ ምልክት የትኛውን ጥያቄ እንደመለሰልዎት ያውቃሉ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር፤ ወንበር ስቤ አስቀመጥኋትና አስረጂኝ አልኋት።

ዲፕሎማው የተዘጋጀው ብሎክሰርትስ በሚባለው አሠራር ነበር። ይህ አሠራር የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ከአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ ኤምአይቲ ራሱ በ2017 ለ111 ምሩቃኑ በዚሁ መንገድ ዲጂታል ዲፕሎማ ሰጥቷል። ብዙ ሰው ዲፕሎማው ራሱ ብሎክቼይን ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ብሎክቼይን ላይ የሚቀመጠው ግን ዲፕሎማው አይደለም። ተቋሙ የእያንዳንዱን ተመራቂ ፋይል ሃሽ ወደሚባል አሻራ ይለውጣል፤ አሻራው 64 ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያም የመቶዎችን ተመራቂዎች አሻራ ጥንድ ጥንድ እያደረገ ወደ አንድ የጋራ አሻራ ያወርድና ያንን አንዱን ቢትኮይን በሚባለው የዲጂታል ገንዘብ ብሎክቼይን ላይ በሚፈጸም አንድ ግብይት ውስጥ ያስገባዋል። ስም፣ የትምህርት መስክና ውጤት ያለበት ፋይል በተመራቂው እጅ ይቀራል። የማረጋገጫው ገጽ የሚያደርገው ፋይሉን እንደገና ወደ አሻራ ለውጦ በቢትኮይን ላይ ካለው ጋር መጋጠሙን ማየት ነው።

ባልደረባዬ ይህን በዓይኔ እንዳየው ፈለገች። የፋይሉን ቅጂ ከፍታ አማካይ ውጤቱን ከ3.1 ወደ 3.9 ቀየረችና ገጹ ላይ ጫነችው፤ ወዲያውኑ ቀይ ሆነ። በእውነትም ጠንካራ ዋስትና ነው። ወረቀት ላይ አንድ አኃዝ ፍቆ መቀየር ለሠለጠነ እጅ ቀላል ነው፤ እዚህ ግን ፋይሉ ከወጣ በኋላ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትነካ ይታወቃል። ስለዚህ ስለ አመልካቹ ዲፕሎማ በእርግጠኝነት የማውቀው አንድ ነገር ነበረኝ፦ ፋይሉ ከተመዘገበ በኋላ ማንም አልነካካውም። ያወጣው ማን እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም። ባልደረባዬ ወደ ጠረጴዛዬ ያመጣት ይኸው ነበር፤ በፋይሉ ውስጥ ያሉ እነዚህን ጥቂት መስመሮች አሳየችኝ። አድራሻውን እዚህ ቀይሬዋለሁ።

```json
"issuer": {
  "id": "https://issuer.example.org/profile.json",
  "name": "..."
},
"issuedOn": "2018-07-14"
```

የማረጋገጫው ገጽ አሻራውን ካጋጠመ በኋላ ግብይቱን የፈረመው ቁልፍ፣ ማለትም እንደ አውጪው ማኅተም የሚያገለግለው ምስጢራዊ ኮድ፣ የተቋሙ መሆኑን ይጠይቃል። ይህን የሚጠይቀው ግን እዚያው ፋይሉ ውስጥ `id` በሚለው መስመር ወደተጻፈው አድራሻ ሄዶ ነው። እዚያ ያለው ገጽ «አዎ፣ ይህ ቁልፍ የእኔ ነው» ካለ መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል። በፍርድ ቤት ቋንቋ ብናስበው ምስክሩን የጠራው፣ አድራሻውንም ለዳኛው የሰጠው ራሱ ባለጉዳዩ ነው። ዲፕሎማው ተሰርዞ እንደሆነ የሚታየው ዝርዝርም የሚገኘው በዚያው ገጽ በኩል ስለሆነ፣ አውጪው ራሱ ሐሰተኛ ከሆነ ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመለሱት ከአንድ አፍ ነው። አድራሻው የእውነተኛ ዩኒቨርሲቲ ይሁን ወይም ትናንት በጥቂት ገንዘብ የተገዛ የድረ ገጽ ስም፣ የማረጋገጫው ገጽ የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ተቋሙ በአገሩ ዕውቅና ያለው መሆኑንም የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም።

እኔ አሁንም ልቤ አልተቀበለውም ነበር፤ እንዲህ ክፍት ሊሆን አይችልም አልኋት። እሷም መከራከሩን ትታ በነጻ የሚገኘውን የብሎክሰርትስ ሶፍትዌር ጫነች፣ የራሷን ቁልፍ ሠራች፣ አንድ የምታስተዳድረው ገጽ ላይ የሌለ ዩኒቨርሲቲ ስም ጻፈች፣ ከዚያም በእኔ ስም በሕክምና የዶክትሬት ዲግሪ አዘጋጅታ በቢትኮይን የሙከራ መረብ ላይ አስመዘገበችው። በማግስቱ ጠዋት ፋይሉን ላከችልኝና ጫንኩት። የሙከራ መረብ መሆኑ ከመገለጹ በቀር መስመሮቹ ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ። በዋናው መረብ ላይ ለማስመዝገብ የሚጨምረው የግብይቱን ክፍያ ብቻ መሆኑን ስትነግረኝ፣ ከሁለት ቀን በፊት የፈረምኩበት ቅጽ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ወደ አመልካቹ ዲፕሎማ ተመለስን። የአውጪው ስም ከአንድ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ስም የሚለየው በአንዲት ቃል ነበር። የፋይሉ የምረቃ ቀን እ.ኤ.አ. 2018 ይላል፤ የቢትኮይኑ ግብይት ግን የተፈጸመው በ2021 መጨረሻ ነው። ይህን ልዩነት ብቻውን እንደ ማጭበርበር መቁጠር አይገባም፤ እውነተኛ ተቋማትም የቀድሞ ምሩቃናቸውን ዲፕሎማ ወደኋላ ተመልሰው ያስመዘግባሉና። ሆኖም የምረቃውን ቀን የጻፈው አውጪው ነው፤ ብሎክቼይኑ የሚመሰክረው ፋይሉ በ2021 መኖሩን እንጂ በ2018 መኖሩን አይደለም። በአመልካቹ የጽሑፍ ፈቃድ ለታወቀው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር፣ በራሱ በዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ ባገኘሁት አድራሻ ጻፍኩ። መልሱ ሲመጣ አጭር ነበር፦ በዚህ ስም የተመረቀ ተማሪ የለንም፤ በተጠቀሰው አድራሻም ዲፕሎማ አንሰጥም።

ፋይሉን ስንመረምር ከአውጪው ሌላ ያልተመለሰ ጥያቄም አገኘን፤ እሱ ደግሞ እውነተኛ ተቋም ባወጣው ዲፕሎማ ላይም የሚነሳ ነው። ዲፕሎማው የማን ነው? በፋይሉ ውስጥ ባለቤቱን የሚያመለክቱት በላቲን ፊደል የተጻፈ ስምና አንድ የኢሜይል አድራሻ ብቻ ነበሩ። ፋይሉን ይዞ የመጣው ሰው የኢሜይሉ ባለቤት መሆኑን ገጹ አይጠይቅም፤ ፋይሉ ወይም ማስፈንጠሪያው እጁ የገባ ሁሉ አረንጓዴውን ምልክት ማሳየት ይችላል። ይህ ክፍተት ለእኛ አገር ሰው ሰፊ ነው። ስማችን የራሳችን ስም፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለው ከነአባት ስሙ የሚመሳሰል ብዙ ሰው አለ፤ በዚያ ላይ ፀሐይ የሚለው አንድ ስም በአንዱ ፓስፖርት Tsehay፣ በሌላው Tsehai፣ በሦስተኛው Tsehaye ተብሎ ይጻፋል። በወረቀቱ ዘመን ፎቶግራፉንና የልደት ቀኑን እያየሁ የማደርገውን ማመሳከር፣ በፋይል ስለመጣ ብቻ ትቼው ነበር።

ይህን የምጽፈው ቴክኖሎጂውን ለማጣጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2021 የትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን ከሚሠራው ድርጅት ጋር ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ በዚህ ዓይነት ሥርዓት ለመመዝገብ ማቀዱ ሲነገር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ የተፋቀና የተሰረዘ ትራንስክሪፕት ስንት ጊዜ እንደገጠመኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ነገር ግን መምህሩ ወይም ሬጅስትራሩ የተሳሳተ ውጤት ካስገባ፣ ወይም ያልተማረን ሰው ስም ከጨመረ፣ ሰንሰለቱ ያንኑ ስህተት በማይነካካ ሁኔታ ይጠብቀዋል። የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው፤ ከመጻፉ በፊት የሆነውን አያውቅም።

አሁን ዲጂታል ዲፕሎማ ሲመጣልኝ የማረጋገጫውን ገጽ እከፍታለሁ፤ አረንጓዴ ካልሆነ ሥራዬ እዚያው ያበቃል። አረንጓዴ ከሆነ ግን ሥራዬ ገና ይጀምራል። ፋይሉን ከፍቼ `issuer` ሥር ያለውን አድራሻ በወረቀት ላይ እገለብጣለሁ። ከዚያም ፋይሉ የሰጠኝን ማንኛውንም ማስፈንጠሪያ ሳልነካ፣ ዩኒቨርሲቲው ባለበት አገር ካለው የዕውቅና ሰጪ አካል ዝርዝር ተነስቼ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይፋዊ ገጽ እሄዳለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው እዚያ ይፋ ያደረገው የአውጪ አድራሻ ከገለበጥሁት ጋር በፊደል በፊደል መግጠም አለበት። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አድራሻ ይፋ አያደርጉም፤ ያን ጊዜ ሬጅስትራሩን እጠይቃለሁ። የአመልካቹን ፓስፖርት ከስሙ ጋር አስተያይቼ የልደት ቀኑንና የተማሪ መለያ ቁጥሩን በዚያው ደብዳቤ አካትታለሁ። የውጭ ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት እንዲያመጣ እጠይቀዋለሁ፤ እሱን ብሎክቼይኑ አይተካውም።

አመልካቹን ጠርቼ የዩኒቨርሲቲውን መልስ ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። በሁለተኛው ቀን የክፍያ ደረሰኞቹን፣ የሠራቸውን የቤት ሥራዎችና ከ«መምህራኑ» የተላኩለትን ኢሜይሎች በፌስታል ይዞ መጣ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ተምሮ ነበር። «ብሎክቼይን ስላሉኝ ነው ያመንኋቸው» አለኝ። እኔም የፈረምኩት በዚያው ምክንያት ነበርና ዝም አልሁ። ቅጹን ሰርዤ ሌላ ሞላሁና በመጀመሪያ ዲግሪው እንዲወዳደር ለኮሚቴው ጻፍኩለት፤ እሱን ዲግሪ ከሬጅስትራሩ ጋር ራሴ አጣርቼዋለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያንን ፋይል እንደገና ጫንኩት። የአውጪው ድረ ገጽ ተዘግቷል፤ የማረጋገጫው ገጽ አውጪውን ማግኘት ስላልቻለ ማረጋገጡን አቋረጠ። ቢትኮይን ላይ ያለው አሻራ ግን እንደተመዘገበ አለ።