ወካይዋ አሉ?

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አንጋፋ ጠበቃ ቢሮ ውል አርቃቂ ነበርኩ። ቢሮአችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር ሥራ ሲቀዘቅዝ በመስኮቱ ከዘንባባዎቹ ባሻገር ጣናን እያየሁ እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው የአክስቱን ቤት ሊሸጥ ከገዢው ጋር መጣ። ቤቱ ሽምብጥ ነው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ የሚከራዩ ሦስት ሰርቪሶች አሉት። አክስቱ ታመው ዳንግላ ትልቋ ልጃቸው ጋር ስለተኙ፣ ቤቱን የሚያስተዳድረውም ኪራዩን የሚሰበስበውም እሱ ነው። የያዘው ውክልና «በስሜ ማናቸውንም ሥራ እንዲሠራልኝ» ይላል።

መለስኩት። ሰው «ማናቸውንም» የሚለውን ቃል ሲያነብ ሁሉ ነገር የተፈቀደለት ይመስለዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እንዲህ በጥቅሉ የተጻፈን ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። ንብረቱን መጠበቅ፣ ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል ይቻላል፤ ይህ ቁጥር 2204 ላይ አለ። ቤት ለመሸጥ ወይም መያዣ ለማድረግ፣ በወካዩ ስም ለመክሰስም ቢሆን፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ «አክስትህ ቤቱን እንድትሸጥ፣ ገንዘቡን እንድትቀበልና ስም እንድታዛውር ብለው በግልጽ ይጻፉልህ» ብዬ ሸኘሁት። ገዢው ፊት እንዲህ አዋቂ ሆኜ መታየቴ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ልዩ ውክልናውን ይዞ መጣ። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው፣ የቤቱ ካርታ ቁጥር ተጠቅሷል፣ እኔ ያልኩት ቃል በሙሉ ተጽፏል። ለረቡዕ ቀጠርናቸው።

ረቡዕ ሲመጣ ጥቁር ለብሶ ነበር። ፀጉሩን ተላጭቷል፣ ዓይኑ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ቀልቷል። አየሁት። አይቼ ግን ምንም አልጠየቅኩም፤ ሐምሌ ነው፣ ስንት ሰው ሐዘን ላይ ነው ብዬ አለፍኩት። ውሉን አነበብኩላቸው፣ ሁለቱም ፈረሙ፣ ገዢውም ቅድሚያ ክፍያ 300 ሺህ ብር እዚያው በስልኩ አስተላለፈ። የቤት ሽያጭ ውል ፊርማ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት መጽደቅ ስላለበት፣ ከምሳ በኋላ ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ወደ ሰነድ ማረጋገጫው ሄድን።

ሠራተኛዋ ልጅ እግር ናት። ውክልናውን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ሰውየውን አየችው።

«ሐዘን ላይ ነዎት እንዴ?»

«አዎ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ማን አርፎብዎት ነው?»

«አክስቴ ናት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልጅቷ ጣቷን ወካይ በሚለው ቃል ላይ አሳረፈች። «እኚህ?»

ዝም አለ። ገዢው ወደ እኔ ዞረ። ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

ሴትየዋ ያረፉት ቅዳሜ ማታ ነው፤ እሑድ ተቀበሩ። ሰልስቱ ሰኞ ወጥቶ ማክሰኞ ከዳንግላ ተመልሷል። ልጁ ሌባ አልነበረም። ለአክስቱ ሕክምና የተበደረው ገንዘብ ነበር፣ አበዳሪው ደግሞ ቤቱ ሲሸጥ እከፈላለሁ ብሎ በር ላይ ቆሟል። «ሽጥልኝ ያለችኝ እሷ ናት፤ ቃሏ ነው። ውክልናውንም አልሻረችውም» አለን። ከልቡ ነበር። እኔም ብሆን ውክልና የሚሻር ብቻ ሳይሆን የሚሞትም ነገር መሆኑ እስከዚያች ቅጽበት ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ቢሮ ስንመለስ አንጋፋው ጠበቃ ጋሼ መጽሐፉን ሳይገልጡ ነገሩን። በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ የእኛም ሰነድ ውስጥ ሌላ የሚል ቃል አልነበረም። ወረቀቱ ግን አብሮ አይሞትም። ማኅተሙ አይደበዝዝም፣ ከፋይልም አይወጣም። ሰነዱን የሰጠውን መሥሪያ ቤት ብንጠይቅ እንኳ ትክክለኛ መልስ የሚሰጠን ስለ መሻሩ ነው፤ ወካዩ ውክልናውን ሲሽሩ ወይ ራሳቸው ሄደው ወይ ጽፈው ያሳውቃሉና። የሞተ ሰው ማንን ልኮ ያሳውቃል?

«ታዲያ ውሉ ምን ይሆናል?» አለ ገዢው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ያበቃ ሥልጣን ይዞ የተዋዋለ ሰው ሥልጣኑን አልፎ እንደተዋዋለ ይቆጠራል አሉ። በሟቿ ቦታ የተተኩት ወራሾች ወይ ውሉን ያጸድቁታል፣ ወይ አይመለከተንም ይሉታል። አይመለከተንም ካሉ ውሉ ይፈርሳል፣ ገንዘቡም ይመለሳል፤ ገዢው በቅን ልቦና ለደረሰበት ጉዳት ደግሞ ተጠያቂው ወካይዋ ሳይሆኑ ተወካዩ ይሆናል። ልጁ ይህን ሲሰማ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከ300 ሺው ውስጥ ስድሳውን በምሳ ሰዓት ለአበዳሪው ልኳል።

ወራሾቹ ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው። የዳንግላዋ ወዲያው ተስማማች። ጅዳ ያለችው ታናሿ ግን ስልኩ ውስጥ ጮኸች፦ «እናቴን ገና አልቅሼ ሳልጨርስ ቤቷን ሸጣችሁ?» ማን ይፈርድባታል። ገዢው ደግ ሰው ስለነበር እጠብቃለሁ አለ፤ አራት ወር ጠበቀ።

በመካከሉ ነሐሴ ላይ በረዶ ጥሎ የሰርቪሶቹን ቆርቆሮ በሳሳው። ልጁ በጣም ተቸግሮ መጣ፤ «አሁን ምስማር መምታትም ተከለከልኩ?» አለኝ። ይህን ጊዜ ጋሼን ሳልጠይቅ አልመለስኩለትም። ተወካዩ የጀመረው ሥራ ካለና ቢዘገይ ጉዳት የሚያመጣ ከሆነ፣ ወራሾቹ ራሳቸው እስኪረከቡት ድረስ እንዲቀጥል ሕጉ ያዘዋል። ዝናብ የሚገባበት ጣራ እንዲህ ያለው ነገር ነው። የቤት ሽያጭ ግን አራት ወር ቢቆይ የሚበሰብስ አይደለም። ልጁም ከተከራዮቹ በሰበሰበው ጣራውን አሠራ፤ የቆርቆሮውንና የአናጢውን ደረሰኝ በአንድ ደብተር ውስጥ እየለጠፈ ለወራሾቹ አስረከበ።

ልጆቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አወጡ። ታናሿ በጅዳው ቆንስላ በኩል ድርሻዋን እንድትሸጥላት ለእህቷ ልዩ ውክልና ሰጠች፤ ለአጎቷ ልጅ አልሰጠችም። ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ደረሰን። አሮጌውን ውል ከማጽደቅ ይልቅ በወራሾቹ ስም አዲስ ውል አዘጋጀሁ፤ የከፈለው 300 ሺህ ብርም ከዋጋው ተያዘለት።

ኅዳር ላይ ለፊርማ በተቀጠሩበት ጠዋት ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ስልኩን አንሥቼ ጅዳ ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

«ሃሎ፣ እህቴ፣ ከባሕር ዳር ነው፤ አለሽ?»

«አለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ገና ከእንቅልፍ ያልነቃ። «ምነው በጠዋቱ?»

«ምንም አይደለም። መኖርሽን ለማወቅ ነው።»

ትንሽ ዝም ብላ ሳቀች። «ቆይ፣ እኔንም ልትቀብሩኝ ነው እንዴ?»