ጥጥ ነው ብዬ የገዛሁት ጨርቅ፣ ከጠርዙ የተማርኩት

እህቴ ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት የሕፃን መጠቅለያ ልስፋላት ብዬ ተነሳሁ። መርካቶ ሄጄ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከሚሸጥ ነጋዴ አንድ ፌስታል ሙሉ ገዛሁ። “ንጹህ ጥጥ ነው” አለኝ። ዳሰስኩት። ለሰለሰኝ። አመንኩት።

ቤት ገብቼ ካውያዬን ለጥጥ በሚሆነው ሙቀት ላይ አድርጌ መተኮስ ጀመርኩ። ነጩ ጨርቅ ላይ ስደርስ ካውያው ያዝ አደረገኝ። ሳነሳው የካውያው ቅርጽ እንደ ማኅተም እያብለጨለጨ ጨርቁ ላይ ቀርቷል። ቤቱ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ። ጥጥ በዚያ ሙቀት ምንም አይሆንም። ፖሊስተር ግን ይለሰልስና ይኮማተራል።

ጨርቁን ይዤ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። እንደ ልማዴ መሀሉን እያሻሸሁ “ልስላሴው እኮ የጥጥ ነው ጋሼ” አልኳቸው።

“መሀሉን ተይው ልጄ። መሀሉን ፋብሪካው አሳምሮታል። ጠርዙን ስጪኝ” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማደርገው እሳቸው ያሳዩኝን ነው። መጀመሪያ አዲስ ጠርዝ እቆርጣለሁ። ፋብሪካው ራሱ የጨረሰው ጥቅጥቅ ያለው ዳር አይሆንም፤ እሱ እንዳይተረተር ተብሎ የተሠራ ነው። ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ በመቀስ ቀጥ አድርጌ እቆርጥና ከድሩም ከማጉም አንዳንድ ክር በመርፌ እመዛለሁ። ሁለቱንም ማየት ግድ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ጋቢ አስቡት። ማጉ በእንዝርት የተፈተለ፣ ድሩ ግን የፋብሪካ ክር የሆነ ብዙ አለ። ሌላ ጨርቅም እንዲሁ በአንድ በኩል አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ሊሆን ይችላል።

የመዘዝኩትን ክር ከተከረረበት በተቃራኒ እያሽከረከርኩ እፈታዋለሁ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። የጥጥ ክር ሲፈታ ወደ ባዘቶ ይመለሳል። ክሩ የተፈተለባቸው ቀጫጭን ጭረቶች አጫጭር ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው። አያብለጨልጩም፤ በትንሹ ሲስቧቸው ተለያይተው እጅ ላይ ይቀራሉ። ያ የተቃጠለው ነጭ ጨርቅ ግን ሲፈታ እንደ ፀጉር ቀጥ ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ ጭረቶች ወጡ። መጨረሻ የላቸውም። ከክሩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ይሄዳሉ። ተክል እንዲህ ያለ ጭረት አያወጣም፤ ማሽን ነው ያወጣው።

ቁራጩን ጠርዙ ላይ በአውራ ጣቴ ሃያ ጊዜ ያህል ፈተግኩት። የነጩ ክሮች ሳይበጠሱ ሙልጭ ሙልጭ እያሉ ወጡ፤ ጠርዙ እንደ ሽፋሽፍት ሆነ። ከዚያው ፌስታል ያወጣሁትን አበባ ያለበት ቁራጭም እንዲሁ ፈተግኩት። እሱ ጠርዙ ላይ ጉም የመሰለ ብናኝ አወጣ፤ ክሮቹ ተያይዘው ቀሩ፤ ስስባቸው በአጭሩ ተበጠሱ። ጥጥ ሻካራ ስለሆነ ክር ክርን ይይዛል። የፖሊስተሩ ክር ልሙጥ ስለሆነ ይንሸራተታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሳሳ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ጥጥም ቢሆን ብዙ ይተረተራል። ስለዚህ የማየው ምን ያህል እንደተተረተረ አይደለም፤ የወጣው ክር ምን እንደሚመስል ነው።

ሱፉ ግን አስቸገረኝ። ስሙ ራሱ ያሳስታል። እኛ ኮትና ሱሪውን “ሱፍ” ብለን ስለምንጠራ፣ መቶ በመቶ ፖሊስተር የሆነውም “ሙሉ ሱፍ” ይባላል። ፌስታሉ ውስጥ ግራጫ የሱሪ ጨርቅ ነበር። በእጄ ጨብጬ እስከ አስር ቆጠርኩና ለቀቅኩት። አልተጨማደደም። “ሱፍ ነው!” አልኩ። ጋሼ ሳቁብኝ። ሱፍም ፖሊስተርም አይጨማደዱም። ከሦስቱ ጨብጦ መልቀቅ የሚለየው ጥጡን ብቻ ነው፤ እሱ ተጨማዶ ይቀራል። ጥጡም ቢሆን እንዳይጨማደድ በመድኃኒት የተሠራ ከሆነ ያታልላል።

ሱፍን ከፖሊስተር ለመለየት እንደገና ወደ ክሩ ነው መሄድ ያለብኝ። የሱፍ ጭረት ጥምዝምዝ ያለ ነው። ስቤ ስለቀው እንደ ስፕሪንግ ይሰበሰባል። ከጥጥ ይረዝማል፤ ግን እንደ ፖሊስተሩ ማለቂያ የለሽ አይደለም። ክንዴ ውስጥ፣ ቆዳዬ ስስ በሆነበት ሳሸው ይኮሰኩሳል፤ ለስላሳ ሱፍ ግን ላይኮሰኩስ ስለሚችል በዚህ ብቻ አልፈርድም። ሞቅ ባለ ውኃ ሳርሰው ደግሞ ዝናብ የመታው በግ ይሸታል። ይህን ሽታ አያቴ ቤት ከነበረው የመንዝ ባና አውቀዋለሁ። የባናውን ጠርዝም አሁን ነው የገባኝ። ቢቆርጡት እንኳ ክሩ በቀላሉ አይመዘዝም ነበር። ሱፍ ሲታጠብና ሲረገጥ ጭረቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ።

ግራጫው ጨርቅ ምን ሆኖ ተገኘ? ክሩን ስፈታው አንዳንዱ ጭረት ጥምዝምዝ፣ አንዳንዱ ቀጥ ያለና የሚያብለጨልጭ ነበር። ድብልቅ ነው። ስንት እጁ ሱፍ እንደሆነ በእጅ ማወቅ አይቻልም። ዋናው ነገር ካውያውን ማቀዝቀዝ ነው፤ ድብልቅ ጨርቅ ሲተኮስ የሚከበረው ሙቀት የደካማው ነው።

ሁለት ነገሮች አሁንም ያታልሉኛል። አንደኛው አጥሮ የተቆረጠ ፖሊስተር ነው። እንደ ጥጥ አጭር ጭረት አለው፤ መሀሉን ብዳስሰው ጥጥ ነው እላለሁ። ክሩን ስፈታ ግን ጭረቶቹ በልክ የተቆረጡ ያህል እኩል ናቸው፤ ስበጥሰውም ይሳባል፣ ጣቴን ይቆርጠኛል እንጂ ቶሎ እሺ አይልም። የለበስነው ልብስ ከሆነ ደግሞ ብብቱ ሥር ያሉትን ትንንሽ እንክብሎች እነካለሁ። የሱፍ እንክብል በጥፍር ሲነካ ይረግፋል፤ የፖሊስተሩ ሙጭጭ ይላል።

ሁለተኛው ቪስኮስ ነው። እሱ ከእንጨት የሚሠራ ስለሆነ ይጨማደዳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ቀዝቀዝ ይላል። ጥጥ ብለው ቢምሉለት አይፈረድባቸውም። የምለየው በምራቅ ነው። ክሩን መሀሉ ላይ አርሼ እስበዋለሁ። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፤ ቪስኮስ ልክ የራሰበት ቦታ ላይ ይበጠሳል።

በእሳት ማቃጠልም አለ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። እኔ ግን ሱቅ ውስጥ ክብሪት ልጭር አልችልም። ክር መምዘዝ ግን ማንም አይከለክለኝም።

ከዚያ ፌስታል ከአስራ አንዱ ቁራጭ ንጹህ ጥጥ ሆነው የተገኙት አራቱ ናቸው። መጠቅለያውን በእነሱ ሰፋሁት፤ ትንሽ አነሰ፣ ግን ሕፃኑን አዳረሰ። በሚቀጥለው ወር እዚያው ነጋዴ ጋ ተመለስኩ። “ንጹህ ጥጥ ነው” አለኝ እንደገና። ከቦርሳዬ መርፌ አውጥቼ ከጠርዙ አንድ ክር መዘዝኩና እያሽከረከርኩ መፍታት ጀመርኩ። ትንሽ አየኝ። ከዚያ ጨርቁን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ቦታው መለሰና ከባንኮኒው ሥር ሌላ ጥቅል አወጣ።